ብዙ የሚያገኝ ሰው ጡረታው በፐርሰንት ለምን ያንሳል? ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ጣሪያና ወለል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን የፃፍኩት አሜሪካ ሰርቶ ለጡረታ የደረሰ ወንድም፣ እህት ወይ አባት ላላችሁ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን የሂሳብ ስራ ላይ ነኝ፣ ከሸዋ ሮቢትም ከመሃል ሜዳም ሰው የዘመዱን ወረቀት በቴሌግራም እየላከ የሚጠይቀኝ ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ አይነት ስለሆነ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ የመንግስት ጡረታ ነው። ስለ አሜሪካ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ቁጥሮቹ ደግሞ የ2025 ናቸው፣ በየዓመቱ ስለሚቀየሩ እናንተ ስታሰሉ የዓመቱን አዲስ ቁጥር ተጠቀሙ።

ወንድሜ ፓርኪንግ ነው የሚሰራው፣ እህቴ ነርስ ናት። እሱ ከደሞዙ 60 ፐርሰንት ገደማ ጡረታ ሊያገኝ ነው፣ እሷ 42 ብቻ። ተሳስተው ነው?

አልተሳሳቱም። ሆን ተብሎ እንደዛ የተሰራ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ የሚነሳው ከመጨረሻው ደሞዝ አይደለም። ሰውየው በህይወቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ከከፈለባቸው ዓመታት ውስጥ ከፍ ያሉት 35 ይመረጣሉ፣ የድሮዎቹ ደሞዞች ከአገሪቱ አማካይ የደሞዝ እድገት ጋር ተስተካክለው ወደ አሁን ዋጋ ይመጣሉ (የ1995 ደሞዝ እንዳለ ቢቆጠር ቀልድ ነው የሚሆነው)፣ ከዛ ተደምሮ ለ420 ወር ይካፈላል። የሚወጣውን ቁጥር እዚህ "የወር አማካይ" እያልኩ ልቀጥል።

አሁን ይሄ የወር አማካይ ሶስት ቦታ ይቆረጣል። 2025 ላይ 62 ለሚሞላው፣ ማለትም 1963 ለተወለደ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ 1,226 ዶላሮች በ90 ፐርሰንት ይታሰባሉ፣ ከ1,226 እስከ 7,391 ያለው በ32 ፐርሰንት፣ ከ7,391 በላይ ያለው በ15 ፐርሰንት። የኛን የገቢ ግብር እርከን የምታውቁ ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባችኋል፣ ግብሩ ደሞዝ ሲጨምር እርከኑ ከፍ ይላል፣ ይሄኛው ደግሞ ግልባጩ ነው፣ ገንዘቡ ሲጨምር የሚመለሰው ፐርሰንት ይወርዳል። እና ልክ እንደ ግብሩ ላይኛው እርከን ላይ የደረሰ ሰው የታችኛውን አያጣም፣ ሁሉም ሰው የመጀመሪያዋን 1,226 በ90 ፐርሰንት ነው የሚያገኘው።

ወንድምህ የወር አማካዩ 2,500 ነው እንበል። ከመጀመሪያው ክፍል 1,103.40 ያገኛል፣ ከቀረው 1,274 ደግሞ 32 ፐርሰንቱን 407.68፣ ድምሩ 1,511። ለ2,500 ስታካፍለው 60 ፐርሰንት። እህትህ የወር አማካይዋ 7,000 ነው፣ እሷም ያቺኑ 1,103.40 ታገኛለች፣ ከቀረው 5,774 ደግሞ 1,847.68፣ ድምሩ 2,951። ይሄ 42 ፐርሰንት ነው።

ሶስተኛ ሰው እንጨምር፣ ሶፍትዌር የሚሰራ የአጎት ልጅ የወር አማካዩ 11,000 የሆነ። እሱ ከሶስቱም ክፍል ይወስዳል፣ 1,103.40 ሲደመር 1,972.80 ሲደመር 541.35፣ ጠቅላላ 3,617 ገደማ። 33 ፐርሰንት አካባቢ ማለት ነው። በዶላር ግን እዩት፣ ከሶስቱ ብዙ ዶላር የሚወስደው እሱ ነው። ያነሰው ድርሻው ነው እንጂ ብሩ አይደለም፣ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ እየቀላቀለ ነው "አነሰኝ" የሚለው።

እነዚህ ሁሉ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ጠብቆ ለሚወጣ ነው፣ 1960ና ከዛ በኋላ ለተወለደ ሰው 67 ዓመት።

እህቴ ኦቨርታይም እየገባች ራሷን እየገደለች ነው፣ ለጡረታዬ ይጠቅመኛል ትላለች። እውነት ይጠቅማታል?

ይጠቅማታል ግን የምታስበውን ያህል አይደለም። እስቲ እናስላው። በአንድ ዓመት ውስጥ በኦቨርታይም 4,200 ዶላር ተጨማሪ አገኘች እንበል፣ ዓመቱ ከ35ቱ ውስጥ የሚገባ ነው። 4,200 ለ420 ሲካፈል 10 ነው፣ ስለዚህ የወር አማካይዋ በ10 ዶላር አደገ። እሷ ያለችው 32 ፐርሰንቱ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ጡረታዋ በወር በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይጨምራል። ከዛ 4,200 ላይ ከሷ ደሞዝ የተቆረጠው 6.2 ፐርሰንት 260 ዶላር ገደማ ነው (ቀጣሪውም ያንኑ ያህል ይከፍላል)። የራሷን ብቻ ብንቆጥር ጡረታ ከወጣች በኋላ 81 ወር አካባቢ ስትቀበል ትመልሰዋለች።

ያቺኑ 4,200 ዶላር በ90 ፐርሰንቱ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ቢያገኛት በወር 9 ዶላር ነው የምትጨምርለት፣ 29 ወር ላይ ይመልሳታል። የሶፍትዌሩ ልጅ ቢያገኛት በወር 1 ዶላር ከ50 ብቻ፣ ለመመለስ 14 ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። መዋጮ ከሚቆረጥበት የደሞዝ ጣሪያ በላይ ያለ ሰው ቢያገኛት ደግሞ ምንም አይቆረጥባትም፣ ምንም አትጨምርለትም። ሙሉ ታሪኩ እዚች ውስጥ ነው ያለው፣ መዋጮው ለሁሉም እኩል 6.2 ነው፣ የሚመለሰው ግን እኩል አይደለም።

በነገራችን ላይ እህትሽ ኦቨርታይሙን ለዛሬ ወጪዋ ከፈለገችው ሌላ ነገር ነው። ለጡረታ ብላ ከሆነ ግን ያቺን ገንዘብ መስሪያ ቤቷ ባለው ፎር ኦ ዋን ኬይ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ብታስገባው ይሻላት ነበር ባይ ነኝ፣ በተለይ ቀጣሪው የሚጨምርላት ካለ።

እሺ ጣሪያው የቱ ጋ ነው የገባው ታዲያ?

ጣሪያው ሌላ ነገር ነው፣ ከሶስቱ ክፍል ጋር አታምታቱት። ሶስቱ ክፍል ጡረታው ሲሰላ ነው የሚመጣው፣ ጣሪያው ግን ገና ደሞዝ ሲከፈል መዋጮው ላይ ነው።

2025 ላይ ጣሪያው 176,100 ዶላር ነው በዓመት። ከዛ በታች ባለው ደሞዝ ላይ ሰራተኛው 6.2፣ ቀጣሪው 6.2 ይከፍላሉ። ከዛ በላይ ባለው ላይ ሁለቱም አይከፍሉም። ስለዚህ ከአንድ ሰው ደሞዝ በዓመት ሊቆረጥ የሚችለው ትልቁ 10,918 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፣ 200 ሺ ቢያገኝ 2 ሚሊየን ቢያገኝ ያው ነው።

ይሄን በአይን ማየት የሚፈልግ ሰው በዓመት 220,000 የሚያገኝ ዘመድ ካለው የጥቅምትና የህዳርን የደሞዝ ወረቀት ያስልከው፣ የፈረንጆቹን ኦክቶበርና ኖቬምበር ማለቴ ነው። በወር 18,333 ስለሚያገኝ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 165,000 ይደርሳል፣ ኦክቶበር ላይ ጣሪያውን ይነካል፣ ከዛ ኖቬምበርና ዲሴምበር ሶሻል ሴኩሪቲ የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ነው ያለው። በእጁ የሚገባው ደሞዝ በወር 1,136 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ጭማሪ የተሰጠው ይመስለውና ጃንዋሪ ላይ ተመልሶ ሲቆረጥበት "ደሞዜን ቀነሱብኝ" ይላል። ማንም አልቀነሰበትም፣ ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ እንጂ።

በዓመቱ መጨረሻ በሚሰጠው ደብሊው ቱ ወረቀት ላይም ይታያል። ሳጥን 3 ላይ 176,100 ብሎ ይቆማል፣ ሳጥን 5 ላይ ግን ሙሉው 220,000 አለ። ሳጥን 5 ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ነው፣ የሜዲኬር 1.45 ፐርሰንት ጣሪያ ከ1994 ጀምሮ የለውም። ሁለቱ ሳጥኖች ስላልተመሳሰሉ ወረቀቱ ተበላሽቷል ብለው የሚደነግጡ አሉ፣ እንደዛ መሆን ያለበት ነው።

ወደ ጡረታው ስንመጣ ከጣሪያው በላይ ያለው ደሞዝ ያልተከፈለበት ስለሆነ አይቆጠርም። 35 ዓመት ሙሉ ጣሪያውን ሲነካ የኖረ ሰው፣ 2025 ላይ በሙሉ የጡረታ ዕድሜው ቢወጣ የሚያገኘው ትልቁ 4,018 ዶላር በወር ነው። ይሄ ሰው ሲሰራ በዓመት 300,000፣ በወር 25,000 ያገኝ ከነበረ ጡረታው ከደሞዙ 16 ፐርሰንት ብቻ ነው። ደሞዙ 50,000 በወር ከነበረ ደግሞ 8። ጡረታው አንዲት ዶላር ሳይቀንስ ፐርሰንቱ በግማሽ ወረደ ማለት ነው፣ ምክንያቱም የሚካፈልበት ቁጥር ብቻ ነው ያደገው።

ስለዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ፐርሰንቱን የሚያወርደው የሶስት ክፍል ቀመሩ ነው፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ራሱ ጣሪያው። ሰው "ሀብታሙ ተጎዳ" ሲል የትኛውን እንደሚል ጠይቁት፣ በመጀመሪያው እውነትም እየከፈለ ትንሽ ይመለስለታል፣ በሁለተኛው ግን ያልከፈለበት ነገር ነው ያልተመለሰለት።

ሁለት ቦታ የሚሰራ ሰው ሁለቴ ይቆረጥበታል?

አንዱ ቀጣሪ የሌላውን አያውቅም፣ ስለዚህ ሁለቱም እስከ ጣሪያው ድረስ ይቆርጣሉ። አንዲት ነርስ ሆስፒታል 110,000፣ በኤጀንሲ ደግሞ 90,000 ብታገኝ 200,000 ላይ ተቆረጠባት፣ ከጣሪያው የተረፈው 23,900 ነው፣ የተቆረጠው ትርፍ 1,481 ዶላር ከ80። ታክስ ስትሞላ ይመለስላታል፣ የቀጣሪዎቹ ድርሻ ግን አይመለስም። ታክስ የሚሞላላት ሰው ሁለቱንም ደብሊው ቱ ማስገባቱን ብቻ ታረጋግጥ።

ሀብታሙ ለምን በሙሉ ደሞዙ ላይ አይከፍልም? ጣሪያው ይነሳ ቢባል ምን ይሆናል?

ሃሳቡ ከመነሻው ሶሻል ሴኩሪቲ መሰረታዊ ጡረታ እንዲሆን እንጂ የሰውን ኑሮ በሙሉ እንዲተካ አልነበረም። መዋጮ 1937 ላይ ሲጀመር ጣሪያው በዓመት 3,000 ዶላር ነበር። እና ልብ በሉ፣ ጣሪያው ሁለት ጎን ነው ያለው፣ መዋጮን ይገድባል፣ መንግስት ለአንድ ሰው የሚገባውንም የጡረታ ዕዳ ይገድባል። ጣሪያው ተነስቶ ቀመሩ እንዳለ ቢቀጥል የኩባንያ ስራ አስኪያጁ ብዙ ይከፍላል፣ ግን ከከፈለው በ15 ፐርሰንቱ ክፍል በወር ብዙ ሺ ዶላር ጡረታ ይጠይቃል። ስለዚህ እዛ አገር ክርክሩ "ይነሳ" የሚለው ላይ ብቻ አይደለም የሚያልቀው፣ ተነስቶ ለተጨማሪው ጡረታ ይታሰብ ወይስ አይታሰብ የሚለው ላይ ነው ዋናው ጭቅጭቅ። ካልታሰበ መዋጮ መሆኑ ቀርቶ ንፁህ ግብር ይሆናል የሚሉ አሉ።

ሌላው ደግሞ ጣሪያው በየዓመቱ በአማካይ ደሞዝ እድገት ነው ከፍ የሚለው። የላይኞቹ ደሞዝ ከአማካዩ ቶሎ ካደገ ከጣሪያው በላይ የሚያመልጠው ገንዘብ እየበዛ ይሄዳል፣ የሆነውም ይሄው ነው። 1983 ላይ ከሚሸፈነው ደሞዝ 90 ፐርሰንት ገደማ ከጣሪያው በታች ነበር፣ አሁን 83 አካባቢ ነው። ጣሪያውን የሚያልፉት ሰራተኞች ግን 6 ፐርሰንት አካባቢ ናቸው፣ ትንሽ ሰው ብዙ ገንዘብ።

ወለል የሚባለውስ? ዝቅተኛ መዋጮ አለ?

ለተራ ተቀጣሪ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ነው የሚቆረጠው፣ ወለል የለም። ወለል ያለው ለተወሰኑ ሰዎች ነው። ሰው ቤት ልጅ ለምትጠብቅ ወይ ለምታፀዳ ሰው ከአንድ ቤት በዓመት 2,800 ዶላር ካልሞላ በስተቀር አይቆረጥም (የ2025 ቁጥር ነው)፣ ለራሱ ለሚሰራ ደግሞ የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ካልሞላ አይከፍልም። ለዚህች ለምታህል ገንዘብ ወረቀት ማንቀሳቀስ ከሚሰበሰበው በላይ ያስወጣል፣ በቃ ምክንያቱ ያ ነው። ግን በአራት ቤት በየቤቱ 2,500 እያገኘች 10,000 የምታገኝ ሴትዮ በህጉ መሰረት ምንም ሳይከፈልላት፣ ምንም ሳይቆጠርላት ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ሙሉ ደሞዜን አገኘሁ ብላ ደስ ይላታል፣ 67 ላይ ነው የምታውቀው።

ዋናው ወለል ግን ይሄ አይደለም፣ ነጥቡ ነው። ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፣ በዓመት ቢበዛ 4 ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት። 2025 ላይ አንድ ነጥብ 1,810 ዶላር ነው፣ አራቱን ለመሙላት በዓመት 7,240። በአንድ ወር ቢያገኘውም በ12 ወር ቢያገኘውም ያው ነው። ጨካኙ ነገር ግን 39 ነጥብ ያለው ሰው በራሱ ስራ ጡረታ አያገኝም፣ የከፈለውም አይመለስለትም። አገሬ ልግባ ብሎ ጠቅልሎ ሊመጣ ያሰበ አባት ካላችሁ፣ ከመምጣቱ በፊት በሶሻል ሴኩሪቲ መስሪያ ቤቱ ድረ ገፅ ssa.gov ላይ አካውንቱን ከፍቶ ነጥቡን ይቁጠር። ሁለት ሶስት ነጥብ ጎድሎት ከሆነ አንድ ዓመት መቆየቱ እስከ እድሜ ልክ የሚከፈል ነገር ነው። አሜሪካና ኢትዮጵያ የስራ ዘመን የሚያደማምሩበት ስምምነት የላቸውም፣ እዚህ አስተማሪ ሆኖ የሰራው ዓመት እዛ ነጥብ አይሆንለትም።

ባለቤቴ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ወጪውን ሁሉ እየቀነሰ ትርፉ ትንሽ ነው የሚመስለው። ጥሩ ነው አይደል?

ለዛሬ ጥሩ ነው፣ የነዳጅ፣ የኪሎ ሜትር፣ የጥገና ወጪ መቀነስ መብቱ ነው። ግን ጡረታው የሚሰላው ከቀረችው ትርፍ ነው። በአንድ ዓመት የትርፉ ወረቀት በ20,000 ዶላር ሲያንስ ለጡረታ የሚቆጠርለት 18,470 ገደማ ይቀንሳል (92.35 ፐርሰንቱ ነው የሚታሰበው)፣ ለ420 ሲካፈል 44፣ በ32 ፐርሰንት በወር 14 ዶላር። የአንድ ዓመት ነው ይሄ። አስር ዓመት እንደዛ ካለፈ በወር 140 ዶላር። በሌላ በኩል ያቆየው የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ራሱ በዓመት 2,290 ነው፣ ለራሱ የሚሰራ ሰው የሰራተኛውንም የቀጣሪውንም ስለሚከፍል። ያቺን ቆጥቦ ካስቀመጣት አልተጎዳም። ከበላት ነው ችግሩ፣ እና አብዛኛውን ጊዜ ትበላለች።

አባታችን በ42 ዓመቱ ነው አሜሪካ የገባው። 20 ዓመት ብቻ ነው የሰራው፣ ይጎዳል?

15 ዓመቱ ዜሮ ሆኖ ነው የሚገባው፣ 35ቱ መሙላት ስላለባቸው። በወር 5,000 የሚያወጣ ደሞዝ 20 ዓመት አግኝቶ ከሆነ የወር አማካዩ 5,000 አይሆንም፣ 2,857 ነው። ጡረታው 1,625። ልክ እንደሱ እያገኘ 35 ዓመት የሰራው ጎረቤቱ ደግሞ 2,311።

ግን ቁጥሩን እንደገና እዩት። አባታችሁ የሰራው ከጎረቤቱ 57 ፐርሰንቱን ዓመት ነው፣ የሚያገኘው ጡረታ ግን 70 ፐርሰንቱን። ቀመሩ "ይሄ ሰው ድሃ ነው" እና "ይሄ ሰው ዘግይቶ መጣ" የሚሉትን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱም የወር አማካያቸው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም በ90 ፐርሰንቱ ክፍል ይደግፋቸዋል። ለኛ ሰዎች፣ አብዛኛው በጉልምስና የሄደ ስለሆነ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህም አገር ጡረታ የሚበላ ከሆነስ? ድሮ ይሄን የሚያካክስ ቅነሳ ነበር፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ባልተከፈለበት ስራ ጡረታ ያለው ሰው፣ የውጭ አገር ጡረታ ጭምር፣ 90 ፐርሰንቱ እስከ 40 ድረስ ይወርድበት ነበር። ቅነሳው ከዛኛው ጡረታ ግማሽ መብለጥ ስለማይችል የኛ ብር ወደ ዶላር ሲቀየር ጉዳቱ እምብዛም አልነበረም። የሆነ ሆኖ በጃንዋሪ 2025 የፀደቀ ህግ አንስቶታል፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ላለው ክፍያ። አሁንም "የኢትዮጵያ ጡረታህን ደብቅ" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አትስሟቸው፣ የሚያስደብቅ ነገር የለም።

የኛ አገር ጡረታስ? እኛም ጣሪያ አለን?

መዋጮው ላይ ጣሪያ የለንም። ሰራተኛው 7፣ ቀጣሪው 11 ፐርሰንት፣ በጠቅላላው መደበኛ ደሞዝ ላይ። ጡረታው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመት 30 ፐርሰንት፣ ከዛ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፣ 70 ላይ ይቆማል። የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሶስት ዓመት አማካይ መደበኛ ደሞዝ ነው። ስለዚህ የኛ ጣሪያ ፐርሰንቱ ላይ ነው፣ 42 ዓመት ከሰራህ በኋላ የምትሰራው ጡረታህን አያሳድግም።

30 ዓመት ያገለገለች አስተማሪ 55 ፐርሰንት ታገኛለች። 30 ዓመት ያገለገለ ስራ አስኪያጅም 55። በወረቀት እኩል ናቸው፣ ለድሃው የሚያደላ ቀመር የለም።

በተግባር ግን እዚህም ላይኛው ይወርዳል፣ በሌላ በር። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሚሰራ ሰው አስቡ፣ መደበኛ ደሞዙ 40,000፣ የቤት፣ የትራንስፖርትና የኃላፊነት አበል ተደምሮ 25,000። በወር የሚኖርበት 65,000 ነው። መዋጮ የሚቆረጠው ከ40,000ው ብቻ ነው፣ 55 ፐርሰንቱ 22,000፣ ለ65,000 ስታካፍለው 34 ፐርሰንት። አስተማሪዋ 10,000 ደሞዝ ያላት አበል የሌላት ከሆነ 5,500 ታገኛለች፣ ትክክለኛው 55። አበሉ የግል ጣሪያ ሆነበት ማለት ነው፣ ልዩነቱ የአሜሪካኑ ጣሪያ በህግ ተፅፎ ሁሉም የሚያውቀው ሲሆን የኛው ቅጥር ደብዳቤው ላይ ተደብቆ መኖሩ ነው። ስትቀጠሩ "ጠቅላላ ስንት ነው" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ መደበኛው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቀጣሪው 11 ፐርሰንቱን ለማሳነስ ደሞዙን ዝቅ አርጎ አበል ቢያበዛ ዛሬ በእጃችሁ ትንሽ ብር ይጨምራል፣ የምትከፍሉት ጡረታ ስትወጡ ነው።

ብዙ የሚያገኘው ተበድሏል ትላለህ?

እንደኔ አልተበደለም፣ ግን "ምንም አልቀረበትም" የሚለውም ልክ አይደለም። ከጣሪያው በታች በላይኛው ክፍል ያለው ሰው ከዶላሩ 15 ሳንቲም ነው የሚመለስለት፣ ያ እውነት ነው። በሌላ በኩል ብዙ የሚያገኙ ሰዎች ባጠቃላይ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ፣ ጡረታው ደግሞ እስኪሞቱ ነው የሚከፈለው። ጀርባውን በሸክም ሰብሮ በ71 የሚሞተው ሰው 60 ፐርሰንት ለአራት ዓመት ቢቀበል፣ በ90 የሚሞተው 33 ፐርሰንት ለ23 ዓመት ይቀበላል። በወር ሲታይ ለድሃው የሚያደላው ነገር በዕድሜ ልክ ሲታይ ማድላቱ ይቀንሳል። ደግሞ ጀርመንን ብታዩ ጣሪያ አላቸው ግን እንደዚህ የሚሸራረፍ ቀመር የላቸውም፣ እስከ ጣሪያው ድረስ የከፈለ እንደከፈለው ያገኛል፣ እዛ የድሃው ጡረታ ነው ሰው የሚያጉረመርምበት። አንዱን ሳትነካ ሌላውን ማስደሰት አይቻልም።

የራሳችንን ሰው እንዴት እናስላ?

ssa.gov ላይ የየዓመቱ ደሞዝ ዝርዝር አለ። የጎደለ ዓመት ካለ መጀመሪያ እሱን ያስተካክል፣ ሰርቶ ያልተመዘገበለት ዓመት ዜሮ ነውና፣ የዛን ዓመት ደብሊው ቱ ይዞ ማስተካከል ይችላል። ከዛ የተስተካከለውን 35 ዓመት ደምሮ፦

```
AIME = total / 420

AIME <= 7391:
PIA = 0.90*1226 + 0.32*(AIME - 1226)

AIME > 7391:
PIA = 0.90*1226 + 0.32*(7391 - 1226) + 0.15*(AIME - 7391)
```

AIME የወር አማካዩ ነው፣ PIA ደግሞ ሙሉ ዕድሜ ላይ የሚገባው ጡረታ። አማካዩ ከ1,226 በታች ከሆነ ዝም ብላችሁ በ0.90 አባዙት። 1226ና 7391 የ2025 ናቸው ብያለሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሰውየው 62 የሞላበት ዓመት ቁጥር ነው፣ ጡረታ የወጣበት ዓመት አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

በ62 ብወጣስ?

67 ሙሉ ዕድሜው የሆነ ሰው በ62 ከወጣ 30 ፐርሰንት ይቀነስበታል፣ ለዘላለሙ። የፓርኪንጉ ወንድም 1,511 የነበረው 1,057 ይሆናል። ቅነሳው ለድሃም ለሀብታምም እኩል ነው፣ 60 ፐርሰንት የነበረው 42 ይሆናል፣ 33 የነበረው 23።